«እፍኝ»፦ ገበጣን ወደ ስልክ የሚያመጣ ጨዋታ፣ የፕሮጀክት ማቅረቢያ ሰነድ

ለጨዋታ ድጋፍ ገምጋሚ ኮሚቴ የቀረበ

በአንድ ዓረፍተ ነገር፦ «እፍኝ» ባለ ሁለት ረድፉን ገበጣ ያለ ኢንተርኔትም፣ በአንድ ስልክ ለሁለትም፣ በርቀትም የሚያጫውት የአንድሮይድ ጨዋታ ነው። የምንጠይቀው 2,623,500 ብር እና 9 ወር ነው።

ለምን ሌላ የማንካላ ጨዋታ?

በስልክ መደብሮች ላይ «ማንካላ» በሚለው የጠጠር መዝራት ጨዋታዎች የጋራ ስም ከሚወርዱት ጨዋታዎች አብዛኞቹ ካላሃ ናቸው። ካላሃን በ1940 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው አሜሪካዊው ዊልያም ጁሊየስ ቻምፒዮን ነው። በካላሃ ዳርና ዳር ትልልቅ ማጠራቀሚያ ጉድጓዶች አሉ፤ ጠጠር ከአንድ ጉድጓድ ይነሳል፣ አንድ ጊዜ ይዘራል፣ ከወደቀበት አፍሶ መቀጠል የለም። ገበጣ የለመደ ሰው ሲነካው ቶሎ የሚሰለቸው ለዚህ ነው። በእኛ ዘንድ የጨዋታው ነፍስ እፍኙ ነው፤ የመጨረሻው ጠጠር ጠጠር ያለበት ጉድጓድ ላይ ሲወድቅ እጅ አያርፍም፣ ሁሉንም አፍሶ ይቀጥላል። አንድ ተራ ገበጣውን ሁለት ጊዜ ሊዞር ይችላል። ይህ የሌለበት ጨዋታ ገበጣ አይደለም።

ገበጣ አንድ ወጥ ሕግ የለውም። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ጥናት ከየአካባቢው የሰበሰባቸው ዓይነቶች ብዛት ብቻ ይህን ያሳያል። ባለ ሁለት ረድፍ አለ፣ በየጉድጓዱ 3 ጠጠር የሚገባበት ባለ ሦስት ረድፍና 54 ጠጠር አለ፣ «ላም ወለደች» የሚባልም አለ። ስለዚህ «ትክክለኛው ገበጣ ይህ ነው» ብለን አንነሳም። አንድ መነሻ ሕግ እንመርጣለን፣ በቅንብሩም ውስጥ ሰው የሰፈሩን ሕግ እንዲመርጥ እንተዋለን። ይህ ባይኖር የመጀመሪያው አስተያየት «ይሄ እኮ እንዲህ አይደለም የሚጫወቱት» የሚል መሆኑ አይቀርም።

መነሻ ሕጉ

ሁለት ረድፍ፣ በእያንዳንዱ 6 ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ 4 ጠጠር፣ ጠቅላላ 48። የራሴ ጉድጓዶች ከግራ ወደ ቀኝ ከ1 እስከ 6፣ የተቃራኒው ደግሞ በዙሩ አቅጣጫ ከ7 እስከ 12 ይቆጠራሉ። ተጫዋቹ ከራሱ ጉድጓድ አንዱን ያፍሳል፣ በቀጣዮቹ ላይ አንድ አንድ እየጣለ ይሄዳል። የመጨረሻው ጠጠር ጠጠር ያለበት ጉድጓድ ላይ ካረፈ እዚያ ያለውን ሁሉ አፍሶ ይቀጥላል። ባዶ ጉድጓድ ላይ ካረፈ ተራው ያበቃል። ያ ባዶ ጉድጓድ በራሱ በኩል ከሆነ እና ፊት ለፊቱ ጠጠር ካለ፣ የፊት ለፊቱን ከራሱ የመጨረሻ ጠጠር ጋር ይበላል። እፍኙ 12 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የተነሳበት ጉድጓድም አይዘለልም። ተራው ደርሶት በራሱ በኩል ምንም የሌለው ተጫዋች ጨዋታውን ይዘጋል፤ የቀረው ለተቃራኒው ይሆናል። 25 የበላ አሸናፊ ነው፣ 24 ለ 24 እኩል።

ወረቀት ላይ ያላየነው፣ ስንሰላው የወጣ ችግር

ሕጉን በምሳሌ እንከተለው። ጀማሪው 1ኛውን ጉድጓድ ያነሳል። 4ቱ ጠጠር እስከ 5ኛው ይደርሳል፤ 5ኛው 5 ሆኗልና ይነሳል፣ እስከ 10ኛው። 10ኛውም 5 ነው፣ ይነሳል፣ ዞሮ 3ኛው ላይ ያልቃል። 3ኛው 6 ሆኗል፣ ይነሳል፣ እስከ 9ኛው። 9ኛው 6 ነው፣ ይነሳል፣ እንደገና 3ኛው ላይ ያልቃል። 3ኛው አሁን ባዶ ነበር፤ ተራው አለቀ። አምስት እፍኝ፣ 26 ጠጠር፣ በአንድ መነካት። ፊት ለፊቱ ያለው 10ኛው ግን 1 ጠጠር ብቻ ይዟል፤ ጀማሪው 2 ይበላል።

መነሻው ላይ ሁሉም ጉድጓድ እኩል ስለሆነ ከየትኛውም ቢጀመር ቅርጹ አንድ ነው፤ ሁልጊዜ ከተነሳበት ሁለት ጉድጓድ አልፎ ያርፋል። ልዩነቱ ፊት ለፊት ያለው ነው። ከ2፣ ከ3 ወይም ከ4 የጀመረ ፊት ለፊቱ 6 ጠጠር ያገኛል፤ ከራሱ ጋር 7 ይበላል። ከ5 ወይም ከ6 የጀመረ ተቃራኒው በኩል ያርፋል፣ ምንም አይበላም። ማለትም ይህን አንድ ጊዜ ያወቀ ሰው መጀመሪያ ሲደርሰው ምንም ሳያስብ 7 ለ 0 ይመራል። በእጅ ሲጫወቱ ይህ በጭቅጭቅና በሳቅ ያልፋል፤ ነጥብና ደረጃ ባለበት የኢንተርኔት ጨዋታ ግን ጨዋታውን ይገድለዋል።

መፍትሔያችን፦ ጀማሪው በመጀመሪያ ተራው አይበላም፤ ጠጠሮቹ ባሉበት ይቀራሉ። ይህም ጥቅሙን ወደ ሁለተኛው ተጫዋች እንዳያሻግረው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ኮምፒውተሩን ከራሱ ጋር 10,000 ጨዋታ እናጫውተዋለን። ከሁለቱ አንዱ ወገን ከ53 በመቶ በላይ ካሸነፈ ሕጉን እናስተካክላለን። ከዚያ ውጪ ያለ ማስተካከያ፣ ለምሳሌ የመነሻ ጠጠርን በዕጣ መበተን፣ የተመለከትነው ቢሆንም ገበጣውን ያበላሸዋል ብለን ትተነዋል።

ሙሉ ግጥሚያ

አንድ ጨዋታ አጭር ነው። ሙሉ ግጥሚያ ሲሆን የበላነው ጠጠር ለሚቀጥለው ዙር ጉድጓድ ይሆናል፤ 4 ጠጠር አንድ ጉድጓድ ይሞላል። 29 ለ 19 ቢያልቅ፣ 29 ሰባት ጉድጓድ ሞልቶ 1 ይተርፈዋል፣ 19 አራት ሞልቶ 3 ይተርፈዋል። 3 የተረፈው 1 ተበድሮ አምስተኛውን ይሞላል፤ ስለዚህ 7 ለ 5። ትርፉ 2 ለ 2 ከሆነ ጉድጓዱ ለተሸናፊው ይሰጣል። ጉድጓድ ያልቀረው ተሸንፏል። የመጀመሪያውን ዙር ማን እንደሚጀምር በዕጣ፣ ከዚያ ተራ በተራ።

በመስታወቱ ላይ

ገበጣው በአግድም ይቀመጣል፤ በቁም ሲያዝ ስድስቱ ጉድጓዶች ስለሚጠብቡ አውራ ጣት ጎረቤቱን ይነካል። አንድ ጉድጓድ በትንሹ 9 ሚሊሜትር ስፋት ይኖረዋል። መነካት መንቀሳቀስ ነው፤ ጣት ከጉድጓዱ ሳይነሳ ወደ ውጪ ከተጎተተ ይሰረዛል፣ ከተነሳ በኋላ ግን መመለስ የለም።

ትልቁ ሥራ ፍጥነቱ ነው። ጠጠር በ180 ሚሊ ሰከንድ ቢወርድና በየእፍኙ መካከል 250 ሚሊ ሰከንድ ቢቆም፣ ከላይ ያለው ተራ ወደ 5.7 ሰከንድ ይፈጃል። ለአንድ ጊዜ ጥሩ ነው፣ ለሃያኛው ጊዜ ያስጠላል። ስለዚህ እያንዳንዱ እፍኝ ከበፊቱ በ20 በመቶ ይፈጥናል፣ ከ70 ሚሊ ሰከንድ ግን አያንስም፤ ያው ተራ ወደ 4 ሰከንድ ይወርዳል፣ እጁም እየሞቀ የሚሄድ ይመስላል። ድምፁ በሦስት ይቀረጻል፦ እንጨት ላይ፣ አፈር ላይ፣ ድንጋይ ላይ የሚወድቅ ጠጠር። ባዶ ጉድጓድ ውስጥ የገባውና ጠጠር ላይ የወደቀው ድምፅ መለየት አለባቸው፤ ልምድ ያለው ተጫዋች ተራው ማለቁን ሳያይ በጆሮው ያውቃልና። ሰባትና ስምንት ጠጠር በዓይን መቁጠር ስለሚከብድ ለጀማሪ ቁጥር ይታያል፤ በአዋቂው ደረጃ ቁጥሩ ይጠፋል፣ ጉድጓዱን ተጭኖ የያዘ ግን ጠጠሮቹ ተበትነው ያያቸዋል።

ኮምፒውተሩ እንደ ተቃራኒ

በአንድ ተራ ያለው ምርጫ ቢበዛ 6 ነው። 8 ተራ ወደፊት ማየት ቢበዛ 1,679,616 መንገድ ነው፤ የማይጠቅሙ መንገዶችን በሚተወው የአልፋ-ቤታ ዘዴ ሲከረከም ደካማ ስልክም ይችለዋል። ችግሩ ኃይለኛ ማድረግ ሳይሆን የተሸነፈው ሰው «አጭበረበረ» እንዳይል ማድረግ ነው፤ 30 ጠጠር የሚዘራ ተራ ቀድሞ ማስላት ለሰው ስለሚከብድ ኮምፒውተሩ ዕድለኛ ይመስላል። ስለዚህ የመጨረሻው ተራ በዝግታ ተመልሶ የሚታይበት ቁልፍ ሁልጊዜ አለ። ቀላሉ ደረጃ አንድ ተራ ብቻ ያያል።

በርቀት መጫወት

ስልኩ ለሰርቨሩ የሚልከው የተራውን ቁጥርና የተመረጠውን ጉድጓድ ብቻ ነው፤ ስሌቱን ሰርቨሩ ራሱ ይሠራል። በዚህም ጠጠር መፍጠር አይቻልም፣ ዳታም አይበላም። ኔትወርክ ተቋርጦ ስልኩ ያንኑ ተራ ሁለት ጊዜ ቢልክ የተራው ቁጥር ስለተደገመ ሁለተኛው ይጣላል። ተራውን የሚያሰላው ሞተር በአንድ ተራ 200 ጠጠር ከዘራ በኋላ እጁን ያሳርፋል፤ ማለቂያ የሌለው ዙር ቢፈጠር ሰርቨሩ እንዳይያዝ ነው። ለአንድ ተራ 24 ሰዓት የሚሰጥ ዝግተኛ ግጥሚያም አለ። ውርርድ የለም፣ ወደፊትም አይገባም።

ቴክኒክ

የጨዋታ ሞተሩ ጎዶት ነው፤ ነፃ ስለሆነ ፈቃድ አይከፈልበትም። መጠኑ ከ25 ሜጋባይት አይበልጥም፣ 2 ጊጋባይት ራም ባለው ስልክ መሥራት ግዴታው ነው። የግዕዝ ፊደል ቅርጽ ከጨዋታው ጋር አብሮ ይገባል፤ በስልኩ ፊደል መተማመን አንዳንድ ቦታ ሳጥን ያስነብባል። ቋንቋ፦ አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ እንግሊዝኛ።

ገቢ

ነጠላ ጨዋታ ያለ ኢንተርኔት መጫወት ሙሉ በሙሉ ነፃ። ሙሉ ግጥሚያ፣ የሰፈር ሕግ መምረጫና ተጨማሪ ገበጣዎች በአንድ ጊዜ 60 ብር። ጉግል ፕሌይ ውስጥ ዲጂታል ዕቃ የሚሸጠው በአጠቃላይ በራሱ በጉግል የክፍያ ሥርዓት ነው፤ እሱ ደግሞ ዓለም አቀፍ ካርድ ለሌለው ተጫዋች ያስቸግራል። ስለዚህ በድረ ገጻችን በቴሌብር የተከፈለ ሂሳብ ጨዋታው ውስጥ ይከፈታል፤ የጉግል መመሪያ ስለሚገድበው ግን ጨዋታው ራሱ ወደዚያ አይመራም። ይህ ሽያጩን እንደሚያሳንሰው እናውቃለን። ወጪውን በሽያጭ ብቻ ለመመለስ ቢያንስ 43,725 ገዢ ያስፈልጋል፤ በመጀመሪያው ዓመት ይደረሳል ብለን አንሸጥላችሁም።

በጀት

ደመወዝ በወር 225,000 ብር (ሁለት ፕሮግራመር 65,000 እና 45,000፣ ሠዓሊ 45,000፣ የጨዋታ ንድፍና አስተባባሪ 50,000፣ የድምፅ ባለሙያ በግማሽ ጊዜ 20,000)፣ በ9 ወር 2,025,000። ስድስት መሞከሪያ ስልክ 90,000። ሰርቨርና ምዝገባ 120,000። ከአዲስ አበባ ውጪ ሦስት የሙከራ ጉዞ 150,000። መጠባበቂያ 10 በመቶ፣ 238,500። ድምር 2,623,500 ብር።

ጊዜና ክፍያ

ከመስከረም እስከ ጥቅምት 2019 ሞተሩና በ10,000 ጨዋታ የሚደረገው የሚዛን ፈተና፤ እስከ ጥር በአንድ ስልክ ለሁለት የሚጫወት ሙሉ ቅጂና የሙከራ ጉዞዎቹ፤ እስከ መጋቢት ሰርቨሩ፤ ሚያዝያ ዝግ ሙከራ፤ ግንቦት ይፋ። ባለ ሦስት ረድፉ ገበጣ በዚህ በጀት አይገባም፤ ይህ ከሠራ በኋላ ነው የሚታየው።

ክፍያው ሲጀመር 1,049,400፣ የጥር ቅጂ ተጭኖ ከታየ በኋላ 918,225፣ ከሚያዝያ ሙከራ በኋላ 655,875 ብር። የሚዛን ፈተናው እስከ ጥቅምት መጨረሻ ካልተሳካ ሁለተኛውን ክፍያ አንጠይቅም፤ ያለውን ኮድ ለኮሚቴው አስረክበን ሥራውን እናቆማለን።