አርብ የመጨረሻ ቀኔ ነው

ይድረስ ለጋሼ፣

አርብ ከሰዓት ሰው ተሰብስቦ ሲሸኘኝ ጥቂት ቃል እንድናገር መጠየቄ አይቀርም። ሰው ፊት ሆድ ይብሰኛል፤ መናገር አልችልም። ስለዚህ ለእርስዎ ያለኝን ቀደም ብዬ ልጽፍልዎ ፈለግሁ።

አለቃን ማመስገን አስቸጋሪ ነገር ነው። የሥራ አፈጻጸሜን የሚሞሉት እርስዎ ሳሉ ብናገረው ኖሮ እኔ ራሴ ቃሌን አላምነውም ነበር። አሁን ግን ከእርስዎ የምጠብቀው እድገትም ፈቃድም የለም። የማውቀውን ብቻ እጽፋለሁ።

በሁለተኛው ዓመቴ ለአንድ አቅራቢ አንዱን ኢንቮይስ ሁለት ጊዜ ከፈልኩ። መጀመሪያ በኢሜይል በመጣው ቅጂ፣ ኋላ ደግሞ ዋናው ወረቀት ሲደርሰኝ። ቁጥሩን አንዴ በእዝባር፣ አንዴ ያለ እዝባር ስላስገባሁት ሲስተሙ ሁለት የተለያየ ሰነድ መሰለው። የወሩን የባንክ ማስታረቂያ ስሠራ አየሁት። እርስዎ ዘንድ ስመጣ ለመውጣት ኮትዎን ለብሰው ነበር። አውልቀው ወንበሩ ላይ ሰቀሉትና «ሁለቱንም ወረቀት አምጪ» አሉኝ። ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ በእርሳስ ጫፍ መስመር በመስመር ወረዱና ቁጥሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«እንዴት አለፈን?» አሉ።

አለፈሽ አላሉም። ያን ሌሊት እንቅልፍ የወሰደኝ በዚያች አንዲት ፊደል ነው።

ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም። ሪፖርቱን እኔው እንድጽፍ አዘዙኝ። «በክፍያ ሂደት ላይ ስህተት ተፈጥሯል» ብዬ ጻፍኩ። «ተፈጥሯል» የሚለው ሥር በእርሳስ ተሰምሮበት፣ ዳር ላይ «ማን?» ተብሎበት ተመለሰልኝ። «በሠራተኛ ስህተት» ብዬ ሰጠሁ፤ አሁንም ተመለሰ። በሦስተኛው «ሁለት ጊዜ የከፈልኩት እኔ ነኝ» ብዬ ከነምክንያቱ ጻፍኩ፤ ያንን ተቀበሉኝ። በጊዜው ጭካኔ መስሎኝ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አልቅሻለሁ።

ከሁለት ወር በኋላ ነው በማኔጅመንት ስብሰባው ላይ ምን እንደተባለ የሰማሁት፤ እሱንም ከእርስዎ አይደለም። ስሜ ሲጠየቅ «ያጸደቅሁት እኔ ነኝ፤ ጥያቄውን ለእኔ አድርጉት» ብለዋል። ያቺ ወረቀት ከእርስዎ ጠረጴዛ አልፋ አልሄደችም። ለካ ሪፖርቱን ያስጻፉኝ ለበላይ ለማቅረብ ሳይሆን እኔ እንድማርበት ኖሯል። ገንዘቡ ከአቅራቢው ቀጣይ ክፍያ ላይ ተቀናነሰ፤ የኢንቮይስ ቁጥር ያለ እዝባርና ያለ ክፍተት ይገባል፣ ክፍያ የሚፈጸመው በዋናው ሰነድ ብቻ ነው የሚለውን መመሪያም አብረን አወጣን። እስከ ዛሬ እንሠራበታለን።

ሁሉም ነገር ተስማምቶኝ ነበር ብል እዋሻለሁ። ያለእርስዎ ፊርማ ምንም አይወጣም በሚባልበት ዘመን ሰነድ ጠረጴዛዎ ላይ ሲከመር አቅራቢ የሚጮኸው እኛ ላይ ነበር። ይህንን ስነግርዎ ፊትዎ ጠቆረ፤ ለሁለት ሳምንት ያህልም አላነሱትም። ከዚያ አንድ ጠዋት አነስተኛ ክፍያዎችን ምክትልዎ እንዲያጸድቅ የሚል ደብዳቤ ጽፈው አደሉን። «ልክ ነበርሽ» ያሉኝ ሰው ሁሉ ባለበት ነው። አለቃ ሲሳሳት አይቻለሁ፤ መሳሳቱን በሰው ፊት ሲናገር ያየሁት ግን ያኔ ብቻ ነው።

ወደ በጀት ክፍል ልዛወር ብዬ ጠይቄ የከለከሉኝን ዛሬም አልተዋጠልኝም። አስጠርተው፣ አስቀምጠው፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ ለምን እንደሆነ ስለነገሩኝ ግን ቂም አልያዝኩም። ምክንያቱን ከሌላ ሰው ብሰማው ኖሮ ያኔውኑ ሥራ እለቅ ነበር።

በአዲሱ ሥራዬ ሁለት ልጆች በሥሬ ይሆናሉ። ከመካከላቸው አንዱ አንድ ቀን የገረጣ ፊት ይዞ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ምን እንደምለው ካሁኑ እያሰብኩ ነው፤ የሚመጣልኝ የእርስዎ ጥያቄ ነው።

የርክክቡ ፋይል በሁለተኛው መሳቢያ ውስጥ አለ። ያልተዘጉ ሦስት ሂሳቦችን ለይቼ ከፊት አድርጌያቸዋለሁ። ለሚተካኝ ሰውም አንድ ገጽ ማስታወሻ ትቻለሁ፤ ከሥራው ዝርዝር በታች «ወረቀትሽ በእርሳስ ተሰምሮበት ከተመለሰልሽ አትደንግጪ፤ ደግመሽ ጻፊው» የሚል አለበት።

አክባሪዎ፣
የክፍያ ሠራተኛዎ