ለጥሩወርቅ ቤተሰብ፦ ካልሲየሙና የደም ክኒኑ ለምን ተራርቀው እንደሚዋጡ

ደምበጫ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ አለምነሽና ለልጅዎ ለአቶ ይበልጣል፣

ጤና ይስጥልኝ። ጥሩወርቅ ትናንት ለክትትል መጥታ ነበር። የደም ግፊቷ ደህና ነው፣ የጽንሱ የልብ ምትም ጥሩ ነው። ያላማረኝ ደሟ ነው። ከአራት ሳምንት በፊት 10.1 ነበር፣ ትናንት ደግሞ 10.0። ክኒኑ በደንብ ሠርቶ ቢሆን እስካሁን ቢያንስ በ1 ከፍ ማለት ነበረበት። አንድም ቀን አልዘለለችም፣ ፍሬውንም ቆጥሬዋለሁ። ችግሩ አወሳሰዱ ላይ ነው፦ ጾም ከገባ ወዲህ ሁሉንም በ9 ሰዓት፣ ከምሳ ጋር፣ አንድ ላይ ትውጣለች። ቡናውም ወዲያው ይከተላል።

ነጩና ትልቁ ፍሬ ካልሲየም ነው። አንዱ 500 ሚሊ ግራም ሲሆን በቀን ሦስት ታዞላታል። ወተትና አይብ በበቂ የማታገኝ ነፍሰ ጡር ላይ የደም ግፊት እንዳይነሳ ይረዳል። ቀዩና ትንሹ አይረን ከፎሊክ አሲድ ጋር ነው፣ እናንተ የደም ክኒን የምትሉት። በአንዱ ውስጥ 60 ሚሊ ግራም አይረን አለ፤ ደሟ ስላነሰ በቀን ሁለት ይሰጣታል።

ሁለቱ ሆድ ውስጥ ሲገናኙ ካልሲየሙ አይረኑን ያስቀረዋል። አይረን የሚመጠጠው ትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ ነው፤ ካልሲየም በዚያው ሰዓት እዚያ ካለ አይረኑ በአንጀት ግድግዳ አልፎ ወደ ደም እንዳይገባ ያግደዋል። በዚያ ላይ ይህ ነጭ ክኒን የጨጓራን አሲድ ያበርዳል፣ አይረን ደግሞ ለመሟሟት አሲዱን ይፈልጋል። ስለዚህ ብትውጠውም ብዙው ሳይጠቅማት ከሰገራ ጋር ይወጣል። ሦስቱን ካልሲየም በአንዴ መዋጥም ኪሳራ ነው፤ ሰውነት በአንድ ጊዜ ከ500 ሚሊ ግራም በላይ በደንብ አይቀበልም።

እንግዲህ በዚህ ሰዓት ይሁንላት። ጠዋት 1 ሰዓት ከቁርስ ጋር አንድ ነጭ። 6፡30 ከምሳ ጋር አንድ ነጭ። 11፡30 ላይ ከመክሰስ ጋር፣ ቂጣም ንፍሮም ቢሆን፣ ሦስተኛው ነጭ። እራት 1 ሰዓት ላይ ትብላ፣ ያለ ነጩ ክኒን። ማታ 3 ሰዓት ላይ፣ ልትተኛ ስትል፣ ሁለቱን ቀይ ግማሽ ሎሚ በተጨመቀበት አንድ ብርጭቆ ውሃ ትዋጥ። ሎሚው አይረኑ እንዲመጠጥ ያግዘዋል። ሰዓቱ ትንሽ ቢዛነፍ ግድ የለም፤ በነጩና በቀዩ መካከል ግን ከሁለት ሰዓት እንዳያንስ፣ ሦስት ቢሆን ይመረጣል።

ቀዩን በወተት አትዋጠው፤ ወተትም ካልሲየም ነው። የማታ ቡና ካለ ቀዩ ከመዋጡ አንድ ሰዓት ቀድሞ ይለቅ፣ ከዋጠች በኋላም ሁለት ሰዓት ቡናም ሻይም አይቅመስ። እትዬ፣ ቡናውን ተዉ አላልኩም፣ ሰዓቱን ብቻ ነው።

ስለ ጾሙ፦ እርጉዝና ሕመምተኛ ሲሆን የነፍስ አባት ሰዓቱን እንደሚያቀልሉ እናንተም ታውቃላችሁ፤ ይህን ደብዳቤ ይዛችሁ ጠይቋቸው። ለክኒኑ ብሎ ጾሙን በወተት መግደፍ አያስፈልግም፣ ሽሮም ጎመንም ይበቃል። እስኪፈቀድላት ድረስ አንድ ነጭ በ9 ሰዓት ከምሳ ጋር፣ አንድ ነጭ ማታ 1 ሰዓት ከእራት ጋር፣ ቀዮቹን ደግሞ ሌሊት 4 ሰዓት ላይ ትዋጥ። ሦስተኛው ነጭ ለጊዜው ይቅር፣ ሁለት ነጭ ግን አንድ ላይ እንዳይደረግ።

ቀዩ ካቅለሸለሻት አንዱን ማታ፣ አንዱን ጎህ ሲቀድ 12 ሰዓት ላይ ታድርገው፤ ያን ጊዜ ቁርሱና ነጩ እስከ 2፡30 ይቆዩ። አንድ ቀን ብትረሳ በማግስቱ ደርባ አትዋጥ። ሰገራዋ ቢጠቁር ከአይረኑ ነው፣ አትደንግጡ። ሆድ ካደረቃት ውሃና ጎመን ታብዛ፤ ካልተሻላት ክኒኑን በራሷ ከምታቆም ወደኛ ትምጣ።

ሁለቱ በአንድ ፌስታል ስለተሰጡ ይመስለኛል ነገሩ የተምታታው። ነጩን ሞሰብ አጠገብ፣ ቀዩን መኝታ ቤት ለዩአቸው። ቀዩን ግን ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት፤ ትንሽ ልጅ ከረሜላ መስሎት ብዙ ፍሬ ቢውጥ ሊሞት ይችላል። ከዋጠ ደግሞ ምንም ሳትቆዩ ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ አምጡት።

ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ ከእምብርት በላይ ሕመም ወይም ደም ከታየባት ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ሌሊትም ቢሆን አምጧት። አለዚያ ጥር 6 እንገናኝ፣ ደሟን እንደገና እለካዋለሁ። የቀሩትን ፍሬዎች ይዛ ትምጣ።

ሲስተር ወርቅነሽ
የእናቶች ክትትል ክፍል