ጉዳዩ፦ የመስክ ሥራ ሪፖርት ማስረከቢያ ቀን እንዲራዘምልኝ ስለመጠየቅ

ሚያዝያ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.
ድሬዳዋ

ለተከበሩ ዶ/ር ግርማ
ጂኦግራፊና አካባቢ ጥናት ትምህርት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ ዶክተር፣

ሚያዝያ 30 ማስረከብ ያለብኝን የመስክ ሪፖርት እስከ ግንቦት 15 እንዲያራዝሙልኝ ልጠይቅዎት ነው የምጽፈው። ማክሰኞ ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ወደ ጥናት ቦታዬ የሚያስገባውን መንገድ ቆርጦታል።

ከተማ ውስጥ እኮ ጠብ ያለ ነገር አልነበረም። ከዚራ ሰዉ ሙቀቱን ሸሽቶ ደጅ ተቀምጦ ነው ያመሸው። ዝናቡ የጣለው ላይ፣ በደንገጎ በኩል ነው። ክፍል ውስጥ ሲያስተምሩን ተዳፋቱ ራቁቱን ስለቀረ ውሃው ሳይሰርግ ወዲያው ይወርዳል ያሉን ነገር፣ ሌሊት ድምፁን ሰማነው።

በማግስቱ ጠዋት ለማየት ሄጄ ነበር። ባለባጃጁ አስፋልቱ ጫፍ ላይ አውርዶኝ ተመለሰ። አሸዋ የሚጭኑት ሲኖትራኮች የሚወርዱበት መንገድ የለም፤ በቦታው ከእኔ ቁመት የሚበልጥ ገደል ነው ያለው። ከታች ያለው አሸዋ ገና ውሃ እንደያዘ ነው፣ ሲረግጡት እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል። የጋቢዮኑ ሽቦ ተዘርጥጦ ድንጋዩ ወጥቷል፣ ሽቦው ላይ ፌስታልና የበቆሎ አገዳ ተንጠልጥሎበታል። ቀበሌውም ለጊዜው ወደ ወንዙ መውረድ ከልክሏል።

መንገድ የሚያሳዩኝን አዛውንት ለምኜ ነበር። እሳቸው የ1998ቱን የሐምሌ ጎርፍ በዓይናቸው ያዩ ሰው ናቸው። «ላይ ደመና እያለ እኔም አልገባም፣ አንቺንም አላስገባም» አሉኝ። ልከራከራቸው አልቻልኩም። የበልጉም ዝናብ ገና አላበቃም።

ሥራው ያለበትን ልንገርዎት። ካሰብኳቸው ዘጠኝ ክሮስ ሴክሽኖች ውስጥ የታችኞቹን አምስቱን ከጎርፉ በፊት ለክቼ ጨርሻለሁ። ከአሸዋ ጫኞቹና ዳር ላይ ከሚያርሱት ገበሬዎች ጋር ያደረግኩት ቃለ መጠይቅም ተጽፎ አልቋል። የቀሩት የላይኞቹ አራቱ ናቸው። ችግሩ ደግሞ የጥናቱ ዋና ጥያቄ ያለው እነሱ ላይ ነው፤ አሸዋው በብዛት የሚቆፈረው እዚያ ስለሆነ፣ የዳሩ መሸርሸር ከቁፋሮው ጋር ይያያዛል ወይስ አይያያዝም ለማለት የታችኛውን ከላይኛው ጋር ማወዳደር ግድ ነው።

ስፋቱን ከጉግል ኧርዝ ማውጣት ይቻላል፣ አንዳንድ ጓደኞቼም እንደዚያ አድርጊና ገላገይው ብለውኛል። ግን የጉድጓዱን ጥልቀትና የዳሩን ቁመት ከሳተላይት ምስል አላገኘውም። የምስሉም ቀን ከጎርፉ በፊት ነው። ያንን ሞልቼ «ለካሁ» ብዬ ባስገባ ለእርስዎም ለእኔም የሚጠቅም አይመስለኝም።

አንድ ሌላ ነገርም አስቤያለሁ፣ ይሁንታዎን እፈልጋለሁ። ታች በቀይ ቀለም ምልክት ያደረግኩባቸው ካስማዎች ገሚሶቹ በጎርፉ ሄደዋል። ነጥቦቹን ግን በጂፒኤስ መዝግቤያቸዋለሁ፣ ቀበሌውም ወደ ወንዙ መውረድ ሲፈቅድ በጥቂት ሜትሮች ስህተት ቢሆንም ላገኛቸው እችላለሁ። የጥንቱ ኮንክሪት ግድግዳ ከቆመበት ተነስቼ ብለካ ስህተቱ ይቀንሳል። አምስቱን መልሼ ብለካቸው አንድ ጎርፍ ስንት አሸዋ እንዳመጣና የትኛውን ዳር እንደበላ ከበፊቱ ልኬት ጋር ማስተያየት ይቻላል። ይህ መጀመሪያ በፕሮፖዛሌ ውስጥ አልነበረም። ካልተስማሙበት እተወዋለሁ፣ ቢስማሙ ግን ሪፖርቱን የሚያጠናክረው ይመስለኛል።

የውጤት ማስገቢያ ቀን እንደሚያጣድፍዎት አውቃለሁ። ስለዚህ የመግቢያውን፣ የጽሑፍ ዳሰሳውንና የአሠራር ዘዴውን ክፍል በመጀመሪያው ቀጠሮ፣ ሚያዝያ 30 አስረክባለሁ። ግንቦት 15 ድረስ የሚቀረኝ ውጤቱና ትንታኔው ብቻ ይሆናል። እስከ ግንቦት 8 መንገዱ ካልተከፈተ ደግሞ ሌላ ቀን አልጠይቅዎትም፤ በአምስቱ ክሮስ ሴክሽን ብቻ ጽፌ፣ የላይኛው ያልተለካበትን ምክንያት ሪፖርቱ ውስጥ በግልጽ አስቀምጬ አስገባለሁ።

ከቀበሌው የተሰጠኝን ደብዳቤ፣ የተቆረጠውን መንገድ ፎቶና እስካሁን የሰበሰብኩትን የልኬት ሰንጠረዥ አያይዣለሁ። ሰኞ ከሰዓት ቢሮ ካሉ ረቂቁን ይዤ እመጣለሁ። ካልተመቸዎት በቴሌግራም አንድ መስመር ቢጽፉልኝም ይበቃኛል።

ከአክብሮት ጋር፣

ቤዛዊት ታደሰ
የሦስተኛ ዓመት ተማሪ