የሐይቅ ከተማዋን ተማሪ የፈተና ውጤት ስለመተርጎም፦ ለሠልጣኝ ባለሙያ የተጻፈ ማስታወሻ

ደሴ

ስለ 14 ዓመቷ የሐይቅ ተማሪ ያዘጋጁትን ረቂቅ ሪፖርት አነበብኩት። «የአእምሮ ዕድገት ዝግመት ይታይባታል» የሚለው ድምዳሜ ከራስዎ ቁጥሮች ጋር ስለማይስማማ፣ ቤተሰቡ ሳያየው እንዲወጣ እጠይቃለሁ።

አማካዩ 100፣ መደበኛ ልይይቱ 15 በሆነው የዌክስለር የአእምሮ ችሎታ መለኪያ የቃል ግንዛቤዋ 106፣ የአእምሮ ሥራ ፍጥነቷ 77 ነው። የ29 ነጥብ ልዩነት ባለበት ሁለቱን በአንድ ጠቅላላ ውጤት ማጠቃለል ልጅቷን አይገልጻትም። የቃል ጥያቄዎቹ በሰዓት አይሮጡም፤ አስባ መልሳለች። የፍጥነቱ ክፍል ግን እርሳስ ይዞ በ2 ደቂቃ ውስጥ መሥራትን ይጠይቃል፤ ስለዚህ ዝቅ ያለ ውጤት ከዓይን፣ ከእጅ፣ ከጥንቃቄ፣ ከስጋት፣ ከእንቅልፍ ወይም ከመድኃኒት ሊመጣ ይችላል።

አማካያቸው 10 የሆነውን የፍጥነቱን ክፍል ንዑስ ፈተናዎች ለየብቻ ይመልከቷቸው። ምልክት መገልበጥ በሚጠይቀው ኮዲንግ 4፣ ምልክት ፈልጎ ማስመር ብቻ በሚበቃበት ሲምቦል ሰርች ደግሞ 8 አግኝታለች። በኮዲንግ ወረቀቷ ላይ አንድም ስሕተት የለም፤ ምልክቶቹም የቁም ጽሕፈት ያህል ተስተካክለው ተሥለዋል። ይህ ከሐሳብ ዝግመት ይልቅ ወደ እጅና ወደ ጥንቃቄ ያመላክታል፤ ይሁንና በ4 ነጥብ ልዩነት ብቻ ፍርድ አይሰጥም።

በማስታወሻዎ ላይ፣ ልጅቷ ስትጨነቅ አይተው «አብሽሪ፣ ቀስ በይ» እንዳሏት በሐቀኝነት ጽፈዋል። ደግነቱ የወሎ ነው፤ መመሪያው ግን በተቻላት ፍጥነት እንድትሠራ ስለሚያዝ፣ የኮዲንግ ውጤቷ በዚህ ምክንያት ዝቅ ብሎ ሊሆን እንደሚችል በሪፖርቱ ውስጥ በግልጽ ይስፈር።

ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ እናቷ የነገሩዎት ነው፦ «ታውቃለች፤ ግን ክኒኑን ከጀመረች ወዲህ ጠዋት ጠዋት ትፈዛለች።» ለሚጥል በሽታ የምትወስደው ፌኖባርቢታል ድብታና ዝግመት ሊያስከትል ይችላል። መጠኑን፣ የምትወስድበትን ሰዓትና ፈተናው የተሰጠበትን ሰዓት አጣርተው ለሚያክማት ሐኪም ይጻፉ። መድኃኒቱ በድንገት ሲቋረጥ ከባድና የማያባራ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ስለሚችል፣ ቤተሰቡ በራሱ እንዳያቆመው አደራ ይበሏቸው። የዓይን ምርመራ ታድርግ፤ አንድ አጭር ጽሑፍም አንድ ጊዜ ያለ ሰዓት፣ አንድ ጊዜ በሰዓት ስትገለብጥ ይመልከቷት።

ማነጻጸሪያው የተሰላው በአሜሪካ ልጆች ላይ ሲሆን የቃል ጥያቄዎቹን ያቀረብነው ወደ አማርኛ ተርጉመን ነው፤ ስለዚህ 106ንም ቢሆን እንደ ጥብቅ ቁጥር አንያዘው። የክፍል ውጤቷና የመምህራኗ ቃል ከጎኑ ይቀመጡ።

በረቂቁ ድምዳሜ ምትክ ይህን ይጻፉ፦ «የቃል ግንዛቤዋ በዕድሜዋ ከሚጠበቀው ደረጃ ላይ ይገኛል። በሰዓት በተገደበ የእርሳስ ሥራ ዝግ ትላለች፤ መንስኤው ገና አልተለየም፣ የመድኃኒት ተጽዕኖም እየተጣራ ነው። እስከዚያው በክፍል ፈተናዎች ተጨማሪ ጊዜ እንዲሰጣት፣ ከሰሌዳ የምትገለብጠውም እንዲቀነስላት እንመክራለን።» ለ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተናም ተመሳሳይ ጥያቄ እንዲቀርብ ርዕሰ መምህሩን ከወዲሁ ያነጋግሩ።