የጥሪ ማጠቃለያ፦ ከቅዳሜ ጀምሮ የጠፋ የሱቅ ፋይበር ኢንተርኔት

ቲኬት ቁጥር፦ 4418 (እሑድ የተዘጋው 4371 ዳግም ተከፍቶ ከዚህ ጋር ተያይዟል)
ጥሪው፦ ማክሰኞ ጥቅምት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 4፡20 እስከ 4፡46 (በሲስተሙ 10:20–10:46)
ደንበኛ፦ የንግድ ፋይበር፣ አዲስ አበባ፣ 22 አካባቢ፣ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት አገልግሎት ሱቅ፤ የደወሉት የሱቁ ባለቤት ናቸው
ሁኔታ፦ አልተፈታም፣ ቅድሚያ 1፣ ለመስክ ቡድን ተመርቷል

ቅሬታ

ኢንተርኔቱ ቅዳሜ ጥቅምት 23 ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ ጠፋ፤ ከዚያ ወዲህ ለአንድ ደቂቃም አልመጣም። መቆራረጥ ወይም መንቀርፈፍ ተብሎ እንዳይመዘገብ። ደንበኛዋ ሲደውሉ ይህ ሦስተኛቸው ነው። ቅዳሜ ከሰዓት «በ24 ሰዓት ውስጥ ቴክኒሽያን ይመጣል» ተባሉ፤ ሰኞ ሲደውሉ ቲኬቱ እሑድ እንደተዘጋ ተነገራቸው። ከመስመሩ መጥፋት ይልቅ ያናደዳቸው ይሄ ነው፦ «ማንም ሳይመጣ ተሠራ ብሎ የሚዘጋው ማነው?»

መዝገቡን አይቼዋለሁ። እሑድ ጠዋት 3፡10 አንድ ጊዜ ተደውሎላቸዋል፣ አልተነሳም፣ ቲኬቱ «በአካባቢው መብራት ጠፍቶ ነበር» ተብሎ ተዘግቷል። ደንበኛዋ በዚያ ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ስለነበሩ ስልካቸውን እንዳጠፉ፣ ሱቁ ውስጥም ቅዳሜም እሑድም መብራት እንዳልጠፋ ይናገራሉ። በመብራቱ ጉዳይ ሲስተሙም የሚደግፈው እሳቸውን ነው፤ ቅዳሜ 4፡07 ላይ የተመዘገበው ማንቂያ LOSi እንጂ dying-gasp አይደለም። ሞደሙ መብራት ቢያጣ ኖሮ ሊጠፋ ሲል የመጨረሻውን መልእክት ይልክ ነበር።

ሱቁ ውስጥ አምስት ኮምፒውተር አለ፤ ሰሞኑን ገበያው ዲቪ መሙላት ነው። ምዝገባው ሐሙስ ጥቅምት 28 ማታ 2 ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ይዘጋል። ከዚያ በኋላ መስመሩ ቢጠገንም ለዚህ ሥራ አይደርስላቸውም። ቅድሚያ 1 ያደረግኩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ስለጮሁ አይደለም፣ እንዲያውም ከጥሪው መጀመሪያ በስተቀር በረጋ መንፈስ ነው ያወሩት።

የተሞከረው

ገና ስጀምር «ልጄ፣ ነቅለሽ ሰኪው እንዳትዪኝ፤ ከቅዳሜ ጀምሮ ስነቅልና ስሰካ ነው የከረምኩት» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ቀድሞ በተደወሉት ሁለት ጥሪዎች የተመዘገበው ማጥፋትና ማብራት ብቻ ነው። ስለዚህ አላስደገምኳቸውም። ይልቅ የሞደሙን መብራቶች አንድ በአንድ እንዲያነቡልኝ ጠየቅኳቸው፦ POWER አረንጓዴ፣ PON ጠፍቷል፣ LOS ቀይ ሆኖ ብልጭ ድርግም ይላል። ብርሃኑ ከውጭ እየደረሰ አይደለም ማለት ነው፤ ከዋይፋይም ከይለፍ ቃልም ጋር አይገናኝም።

ቀጥሎ ከሞደሙ እስከ ግድግዳው ሳጥን ያለውን ቀጭን ገመድ በእጃቸው እየዳሰሱ እንዲከተሉ አደረግኩ። ፎቶ ኮፒ ማሽኑ እግር ስር ተጨፍልቆ የታጠፈ ቦታ አገኙ፤ አውጥተው አቃኑት። አረንጓዴ ራሱን ነቅለው ጠቅ እስኪል መልሰው ሰኩት (ጫፉን ወደ ዓይናቸው እንዳያዞሩ ነግሬያቸዋለሁ)። ሁለት ደቂቃ ጠበቅን፤ LOS ቀይ እንደሆነ ነው። የታጠፈው ገመድ ለብቻው ሙሉ በሙሉ አያጠፋም ብዬ አላውጅም፤ ቴክኒሽያኑ መለዋወጫ ይዞ ይሂድ።

ዋናው ፍንጭ የመጣው ግን ከዚህ በኋላ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሱቁ ፊት ለፊት የእግረኛ መንገዱ ሲቆፈር ነበር ወይ ብዬ ስጠይቅ፣ ለኮሪደሩ ሥራ ሲቆፍሩ የኛ ሽቦ ተንጠልጥሎበት የነበረውን ምሰሶ ነቅለው እንዳጋደሙት ነገሩኝ። ይህን እስከ ዛሬ ማንም አልጠየቃቸውም። ከሱቁ በር ወጥተው ሲያዩ ጥቁሩ ገመድ ከጣሪያው ጠርዝ ተንጠልጥሎ ጫፉ አፈሩ ላይ እንዳለ አረጋግጠውልኛል። ገመዱን እንዳይነኩት፣ ቆፋሪዎቹም ቆርጠው እንዳይጥሉት ነገር ግን ከመንገድ ዳር ዞር እንዲያደርጉት እንዲጠይቁ ነግሬያቸዋለሁ።

በእኛ በኩል፦ እስከ ቅዳሜ ድረስ የሚመጣው የብርሃን መጠን −21.4 dBm ነበር፤ ጤናማ ነው። በዚያው ስፕሊተር ላይ ያሉ ሌሎች አምስት ደንበኞች አሁንም መስመር ላይ ናቸው። ስለዚህ ዋናው ፋይበር ደህና ነው፤ ችግሩ ከማከፋፈያ ሳጥኑ እስከ ሱቁ ባለው ገመድ ላይ ይመስለኛል። ከርቀት የሚሠራ ነገር አልቀረም።

የተገባ ቃል

ቴክኒሽያን ነገ ረቡዕ ጥቅምት 27 ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት (በሲስተሙ 09:00–11:00) ሱቁ ድረስ ይሄዳል። ሰዓቱን በሁለቱም የጻፍኩት ሆን ብዬ ነው፤ «3 ሰዓት» ብቻ ተብሎ ሲላክ የመርሐ ግብር ክፍሉ 03:00 PM ላይ አስቀምጦ ያውቃል። ከመነሳቱ በፊት ይደውላል፤ የደንበኛዋ ስልክ ካልተነሳ በመዝገቡ በሁለተኛነት ወዳስገባሁት ወደ ወንድማቸው ይደወላል። ሁለቱም ባይነሱ እንኳ ሱቁ ክፍት ስለሆነ በአካል ይኬድ።

ቲኬቱ ደንበኛዋ በራሳቸው አንደበት «መጥቷል» ሳይሉ እንደማይዘጋ ቃል ገብቻለሁ። ነገ ቀን 6 ሰዓት (12:00) ላይም እኔው እደውላለሁ።

መስመር ያልነበረባቸው ቀናት ከወርሃዊ ክፍያ እንዲቀነሱ ጥያቄያቸውን ለሒሳብ ክፍል ዛሬ ልኬያለሁ። ቃል የገባሁት መላኩን ብቻ ነው። «ይቀነስልኛል ማለት ነው?» ሲሉኝ ውሳኔው የሒሳብ ክፍል እንደሆነና መጠኑን አሁን መናገር እንደማልችል ነግሬያቸዋለሁ፤ ተረድተዋል።

ቃል ያልገባሁባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ከሐሙስ በፊት ይሠራል የሚል ማረጋገጫ ነው፤ ምሰሶው ካልተተከለ ገመዱ በሌላ መንገድ መሳብ አለበትና የሚወስደውን ጊዜ መስክ ሳይታይ መናገር አይቻልም። ሁለተኛው ጊዜያዊ የሞባይል ራውተር ነው። ጠይቀው ነበር፤ መስመር ላይ አቆይቻቸው የፈረቃ ኃላፊዋን ሳማክር ለዚህ ፓኬጅ እንደማይፈቀድ ነገረችኝ፣ ይህንኑ ነገርኳቸው። የዲቪ ፎቶ ከ240 ኪሎባይት ስለማይበልጥ በስልካቸው ሆትስፖት ይሄድላቸዋል ስላቸው፣ ፎቶው እንደማያስቸግር፣ አምስት ኮምፒውተር በአንድ ስልክ ላይ ተንጠልጥሎ ግን ሰው ተራ እየጠበቀ ትቷቸው እንደሚሄድ መለሱልኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም።

ቀጣይ

የመስክ ቡድን፦ ቢያንስ 80 ሜትር ገመድ፣ መሰላል፣ የመበየጃ መሣሪያና የውስጥ መለዋወጫ ገመድ ይዛችሁ ሂዱ። ከማከፋፈያ ሳጥኑ ጀምራችሁ ለኩ። ምሰሶው ከሌለ በጎን ባለው ሕንፃ ግድግዳ በኩል መሳብ ይቻል እንደሆነ ደንበኛዋ ከባለቤቱ ጋር ዛሬ እንደሚነጋገሩ ነግረውኛል፤ ስትደውሉ መጀመሪያ ይህን ጠይቋቸው።

የማታ ፈረቃ፦ ደንበኛዋ ከደወሉ ሞደሙን አጥፍተው እንዲያበሩ አትጠይቋቸው። የነገው ቀጠሮ እንዳለ መሆኑን አይታችሁ አረጋግጡላቸው። ቀጠሮው ከተነሳ ወይም ከተገፋ እስኪደውሉ ሳትጠብቁ ዛሬውኑ አሳውቋቸው፣ ለፈረቃ ኃላፊዋም ንገሯት።