ለገብርኤል የተላከ ፎቶ

ወይዘሮ አየለች ልጃቸው ሰናይት ለሐምሌ 19 የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ የተነሣችው ፎቶ እንድትልክላቸው ከሰኔ መግቢያ ጀምሮ ሲወተውቷት ነበር። አሞራ ገደል አጠገብ፣ ዓሣ ሊበላ ለሚመጣው እንግዳ ቡና ያፈላሉ፤ በገብርኤል ሰሞን ሐዋሳ ከየአገሩ በሚመጣ ምእመን ስትጨናነቅ ደግሞ ስልካቸውን ከረከቦቱ ላይ አኑረው የልጃቸውን መልክ ለደንበኛው ሁሉ ማሳየት ይወዳሉ። ሪያድ ያለችው ሰናይት ግን ማዳም ከሰጠቻት ሁለት ግራጫ የሥራ ልብሶችና ስትወጣ ከምትደርበው ጥቁር አባያ በቀር የምትለብሰው አልነበራትም። ትከሻዋን አልፎ ይወርድ የነበረውንም ፀጉር በመጣች በሁለተኛው ቀን ማዳም «ምግብ ውስጥ ይገባል» ብላ ከጆሮዋ በላይ በመቀስ ቆርጣዋለች።

ፎቶውን የተነሣችው ሌሊት፣ ሥራ ካለቀ በኋላ፣ በቤቱ ውስጥ ከውስጥ የሚቆለፍ በር ባለው ብቸኛ ክፍል፣ በመታጠቢያ ቤቱ ነበር። በስልኳ የፎቶ ማሳመሪያ መተግበሪያ ፀጉር ማስረዘሙ አላስቸገራትም፤ በቀደሙት ፎቶዎች ላይም ያደረገችው ነው። መተግበሪያው ሹሩባ የሚባል ነገር ስለማያውቅ ግን ለሠርግ የተተኮሰ የሚመስል ዘንፋላ ፀጉር ደፋባት፤ እናቷ «ፀጉር ቤት ሄደሽ ነው?» ሲሏት «አዎ» ማለት እንደሚቻል አስባ ተወችው። ልብስ ስትለውጥ የመጀመሪያዋ ስለነበር ብዙ ደከመችበት። ከመሄዷ በፊት በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሸሚዝ ኮሌታ ትሰፋ የነበረች ልጅ በመሆኗ፣ ጥለቱ በቀኝ ትከሻ ጀምሮ በግራው ሳይደርስ መቅረቱን፣ የእጅጌው ስፌትም ማንም ሰው በማይሰፋበት በኩል መዞሩን ዓይኗ ወዲያው ለቀመው። ደጋግማ ለውጣ፣ ጥለቱ ሲስተካከልላት፣ የመታጠቢያ ቤቱንም ነጭ ሸክላ በአበባ ሸፍና፣ በወንድሟ በናሆም ቴሌግራም ላከችው። እያንዳንዱን ክር ስትመረምር ያመለጣት ነገር እንዳለ አላወቀችም።

በማግስቱ ማታ ኢሞ ጠራ። ቪዲዮውን እንደ ወትሮዋ «ኔትወርክ አይችልም» ብላ ዘጋችው።

«ፎቶው ደረሰሽ፣ እማዬ?»

«ደርሷል።» የእናቷ ድምፅ ደርቋል። «ማተብሽን ምን አደረግሽው?»

እጇ ወደ አንገቷ ሄደ። ጥቁሩ ክር እንዳለ ነው። ለመንገድ ስትነሣ፣ አሮጌው ሳስቷል ብለው እናቷ በእጃቸው ገምደው ያሰሩላት ነው፤ ማዳም እንዳታየው ቀን ቀን የሥራ ልብሷን እስከ ላይኛው ቁልፍ ትዘጋለች፤ ሌሊት ብቻ ትከፍተዋለች።

«አለ፣ ከቀሚሱ ሥር ነው» አለች።

«አንገትሽ እስከ ደረትሽ ተገልጦ የለም እንዴ! የምን ሥር ነው? የሰው ልጅ ስሟን ለውጣ፣ ማተቧን በጥሳ መጣች ሲባል እሰማለሁ፤ ተገደሽም እንደሆነ ንገሪኝ። ለገብርኤል ተስዬልሽ ነው የሄድሽው።»

ሰናይት ስልኩን ዘግታ ፎቶውን አሰፋችው። እውነትም መተግበሪያው ግራጫውን ኮሌታ አጥፍቶ ቀሚሱን ሲያለብሳት ክሩን እንደ ቆሻሻ ጠርጎ፣ በቦታው ለስላሳ አንገት ሥሎባታል። ክሩን በጣቷ ልትሥለው ሞከረች፤ በሁለተኛው ሙከራ ጥሩ መጣላት። ሆኖም እናቷ ፎቶውን አንዴ አይተውታል፤ አሁን ማተብ ጨምራ ብትልክ፣ በማግስቱ ተበድራ ያሰረችው ይመስላቸዋል። ያልተነካው ፎቶ ላይ ግን ክሩ ከተከፈተው ቁልፍ በላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ከእሱ ጋር የተቆረጠው ፀጉርም፣ ግራጫው ልብስም፣ የመታጠቢያ ቤቱም ቧንቧ አብረው ይታያሉ። አንዱን ለይቶ መላክ አይቻልም።

ላከችው።

ስልኩ ወዲያው ጠራ። ስለ ማተቡ አንድም ቃል አልተነሣም።

«ፀጉርሽን ማን ቆረጠው?»

«ማዳም።»

«መቼ?»

«እንደመጣሁ።»

ወይዘሮ አየለች ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ፤ ከበስተኋላ ናሆም አንድ ነገር ሲላቸው «ቆይ አንተ!» ሲሉት ተሰማ።

«የፋሲካውስ? ያ ሁሉ ፀጉር?»

«እሱም የተሠራ ነው፣ እማዬ።»

«የልደትሽስ?»

«እሱም።»

«እንግዲያው እስከ ዛሬ የላክሽልኝን ሁሉ፣ ሳይነካካ በፊት የነበረውን፣ ከመጀመሪያው ጀምረሽ ላኪልኝ» አሉ። «ናሆም ሳይተኛ ይቀበልሽ። እኔም እዚሁ ቁጭ ብያለሁ።»

ሰናይት የስልኳን ማኅደር ከፍታ ወደ ታች፣ ሪያድ ወደ ገባችበት ሳምንት ወረደች።