ጅማ ቆላ የሚሆነው መቼ ነው?

እህቴ፣ የላክሽልኝን ሚም አይቼ በሳቅ ሞትኩ። አማርኛ የማይሰማው ባልሽ ለምን እንዳልሳቀም ገብቶኛል። «ጅማ ወይና ደጋ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ግን ቆላ» የሚለውን የሚሙን ጽሑፍ ቃል በቃል ተርጉመሽ ከነገርሽው፣ የሚሰማው ስለ አየር ንብረት ነው። በዚህ ማን ይስቃል?

ቀልዱ ሰምና ወርቅ ነው፤ ያለውም የመጨረሻዋ ቃል ላይ ነው። ሰሙ ትምህርት ቤት የሸመደድነው ጂኦግራፊ ነው፤ ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ። ቆላ የሚባለው ከ1,500 ሜትር በታች ያለው ሞቃት አገር ነው፣ ጅማ ደግሞ ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነ ወይና ደጋ መባሉ ልክ ነው። ወርቁ ግን ቡና ነው። እንግዳ ሲመጣ ጅማ ቆላ፣ ማለትም ቡናውን ምጣድ ላይ አድርጎ ቆላ። ከተማው ራሱ ባለቤት ሆኖ እንግዳ ሲቀበል ይታይሽ፤ እኔ በጣም የወደድኩት ይቺን ነው።

ፎቶውን ደግሞ ልብ ብለሽ እዪው። ሴትየዋ የሚጨሰውን ብረት ምጣድ ይዛ እንግዳው ፊት ቆማለች፣ እሱ ጎንበስ ብሎ እጁን ያወዛውዛል። ባልሽ ሰውየው ሞቆት የሚያራግብ መስሎት ይሆናል፣ በዚያ ላይ ጽሑፉ ስለ ቆላ ከሆነ ምን ይፈረድበታል! እኛ ግን እናውቃለን፤ ጭሱን ወደ ራሱ እየሳበ ነው። ቡናው ተቆልቶ እንደወጣ ምጣዱን ለእንግዳ ማዞር ክብር ነው፣ እንግዳውም ጭሱን በእጁ ስቦ ካሸተተ በኋላ «ደስ ሲል!» ማለት አለበት። ዝም ብሎ ከተቀመጠ የቡናው ሽታ ደስ ያላለው ይመስላል። ሥዕሉም እንደ ቃሉ ሁለት ፍቺ አለው ማለት ነው፤ አንዱ ሙቀት፣ አንዱ አክብሮት።

እዚሁ ጅማ እንኳ አማርኛ ለማይሰማ ጎረቤት ቀልዱ አይሠራም። በኦሮምኛ ሞቃቱ አገር ገሞጂ ነው፣ ቡና መቁላት ደግሞ አካዉ፤ ሁለቱ ቃላት አይገናኙም። ፎቶውን ካሳየሽው ግን ወዲያው ይገባዋል፣ ምክንያቱም ምጣዱ እሱም ቤት ይዞራል።

ስለዚህ ለባልሽ ጽሑፉን አትተርጉሚለት። መጀመሪያ ሰውየው እጁን ለምን እንደሚያወዛውዝ ንገሪው። ከዚያ «አማርኛ ላይ ሞቃት አገርና ቡና መቁላት አንድ ድምፅ አላቸው» በይው፣ በቃ። በደንብ እንዲገባው ከፈለግሽ ደግሞ እሁድ ራስሽ ቁይለት። ምጣዱን ፊቱ አምጪለትና እጁን ምን እንደሚያደርግ እዪው፤ ካወዛወዘ ሚሙን ያኔ መልሰሽ አሳዪው።